ከውጤቱ በፊት የሚነበበው ሠንጠረዥ

እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1984 ባሉት አሥር ዓመታት፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ለአንድ ክፉ የጉበት በሽታ ይሆናል የተባለ መድኃኒት ሲፈትን ቆየ። በሽታው በጉበት ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የሐሞት ቱቦዎች ቀስ በቀስ እያጠፋ የሚሄድ፣ በአብዛኛው ሴቶችን የሚይዝ ነው። የመድኃኒቱ ስም ዲ-ፔኒሲላሚን ይባላል። ለሙከራው የተመረጡት 312 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ 158ቱ መድኃኒቱን፣ 154ቱ ደግሞ ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት መስሎ ምንም ፈዋሽ ነገር የሌለበትን ክኒን እንዲወስዱ ተደረገ። መድኃኒቱ እንደታሰበው አልጠቀመም። የሙከራው መረጃ ግን ከጊዜ በኋላ ለማንም ክፍት ስለተደረገ፣ በየአገሩ ያሉ የስታቲስቲክስ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ እጃቸውን ያፍታቱበታል።

ተማሪዎቹ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሠሩት የሙከራውን ውጤት አይደለም። ከውጤቱ የሚቀድም አንድ ሠንጠረዥ አለ። በሕክምና ምርምር ጽሑፎች ውስጥ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ ቀድሞ ስለሚመጣ “ሠንጠረዥ 1” ይሉታል። ታካሚዎቹ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ በየምድባቸው ይዘረዝራል፤ ዕድሜያቸው ስንት ነበር፣ ስንቶቹ ሴቶች ናቸው፣ በሽታቸው ምን ያህል ገፍቶ ነበር፣ የደም ምርመራቸው ምን ይል ነበር።

ከዚህ መረጃ ሠንጠረዡን የሚሠራ ሰው ቢሊሩቢን የተባለው መስመር ላይ ሲደርስ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል። ቢሊሩቢን ጉበት ሲታወክ በደም ውስጥ የሚጠራቀም፣ ዓይንንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ነው። የሁለቱ ምድቦች አማካይ ሲሰላ በመድኃኒቱ ወገን 2.87፣ በፕላሴቦው ወገን ደግሞ 3.65 ሚሊግራም በዴሲሊትር ይሆናል። ይህን ያየ ሰው የፕላሴቦው ወገን የባሰ ታማሚ ነበር ይላል። የያንዳንዱ ምድብ ታካሚዎች ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ቢሰለፉና መሃል ላይ የቆመው ቢጠየቅ ግን በመድኃኒቱ ወገን 1.4፣ በፕላሴቦው ወገን 1.3 ነው። በዚህ ስሌት በጥቂቱም ቢሆን የባሰው የመድኃኒቱ ወገን ሆነ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ደማቸውም ያው ነው። ሠንጠረዡ ላይ የትኛው ይጻፍ?

መልሱ ሠንጠረዡ ለምን እንደሚሠራ ከማወቅ ይጀምራል። አንባቢው፣ በተለይም ሐኪም ከሆነ፣ “እነዚህ ሰዎች እኔ ከማክማቸው ጋር ይመሳሰላሉ ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎም “ዕጣው ሲወጣ ምን ዓይነት ሁለት ምድቦችን አስገኘ?” ይላል። እያንዳንዱ መስመር፣ እያንዳንዱ ቁጥርና የቁጥሩ አጻጻፍ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ማገልገል አለበት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ የትኞቹ መስመሮች ይግቡ የሚለው ነው። መረጃው ውስጥ ስላለ ብቻ ሁሉንም መደርደር አንባቢን ያደክማል። ዕድሜና ጾታ ይገባሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ ሊቀሩ የማይገባቸው የታካሚውን ዕጣ ፈንታ የሚወስኑት ናቸው። በዚህ በሽታ እነማን እንደሆኑ በደንብ ይታወቃል። የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ ባደረጉት የትንበያ ቀመር ውስጥ አምስት ነገሮች ብቻ ገብተዋል፤ ዕድሜ፣ ቢሊሩቢን፣ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን፣ ደም ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ፣ እና የሰውነት እብጠት። ከእነዚህ አንዱ የጎደለበት ሠንጠረዥ አሥራ አምስት ሌሎች መስመሮች ቢኖሩትም ጎዶሎ ነው።

ሁሉም ልኬቶች ታካሚው የመጀመሪያውን ክኒን ከመዋጡ በፊት የተወሰዱ መሆን አለባቸው። ከሳምንት በኋላ የተለካ ክብደት መድኃኒቱ ራሱ የነካው ሊሆን ስለሚችል የመነሻ መረጃ ሊባል አይችልም። ሌላም ወጥመድ አለ። የማዮው የመረጃ ፋይል ሲከፈት የሚታየው የ418 ሰዎች መዝገብ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 106ቱ ዕጣው ውስጥ ያልገቡ፣ መሠረታዊ መረጃቸው ብቻ የተመዘገበና ሁኔታቸውን ለመከታተል የፈቀዱ ታካሚዎች ናቸው። ሳያጣራ የሚቸኩል ሰው እነርሱንም ይቀላቅላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጻፈው በየዓምዱ ራስ ላይ የሚቀመጠው የሰው ቁጥር ነው፤ 158 እና 154። ይህ ድምር ዕጣ ከወጣላቸው ሰዎች ቁጥር ጋር ካልገጠመ ወደሚቀጥለው መስመር መሄድ አይገባም።

ዕድሜ ቀላሉ መስመር ነው። እንደ ዕድሜ፣ ክብደትና የደም ግፊት ያሉ በልኬት የሚገኙ ነገሮች ተከታታይ ተለዋዋጮች ይባላሉ፤ በሁለት ሰዎች መካከል የፈለገው ያህል ጥቃቅን ልዩነት ሊኖር ይችላል። እንዲህ ላለ ነገር ቢያንስ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል፤ አንዱ የመሃሉን ቦታ፣ ሌላው በዙሪያው ያለውን ስብጥር የሚናገር። በማዮው ሙከራ የመድኃኒቱ ወገን አማካይ ዕድሜ 51.4 ዓመት፣ የስብጥሩ መለኪያ የሆነው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ደግሞ 11.0 ነው። በሠንጠረዡ ላይ “51.4 (11.0)” ተብሎ ይጻፋል። የዕድሜው ስርጭት በግራም በቀኝም ተቀራራቢ ስለሆነ አንባቢው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ብዙ ነገር ይረዳል። ከታካሚዎቹ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በግምት በ40 እና በ62 ዓመት መካከል ነበሩ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ 51.42 ብሎ ቢሰጥም፣ ወይም ከነጥቡ በኋላ አምስት አሃዞችን ቢደረድርም፣ ለዕድሜ አንድ አሃዝ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስህተት ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። በቅንፍ ውስጥ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን መግባት ሲገባው ስታንዳርድ ኤረር የተባለውን ቁጥር የሚያስገቡ ተመራማሪዎች አሉ። ስታንዳርድ ኤረር አማካዩ ራሱ ምን ያህል በእርግጠኝነት እንደታወቀ የሚናገር ሲሆን የሚገኘውም ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን ለሰዎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት በማካፈል ነው። ለማዮዎቹ 158 ታካሚዎች 0.9 ገደማ ይወጣል። “51.4 (0.9)” ተብሎ የተጻፈን ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰው ታካሚዎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ከ50 እስከ 53 ዓመት የሆኑ እኩዮች ይመስሉታል። እውነታው ግን ከመካከላቸው የ30 ዓመት ወጣትም የ70 ዓመት አዛውንትም መኖራቸው ነው። ሠንጠረዡ የሚናገረው ስለ ሰዎቹ ስለሆነ ቦታው የስታንዳርድ ዲቪዬሽን ነው። በቅንፍ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነም በቃል መጻፍ አለበት፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ብቻ አድርጎ ማለፍ አንባቢውን ለግምት ይተወዋል።

ወደ ቢሊሩቢኑ እንመለስ። የመድኃኒቱ ወገን አማካይ 2.87 ሲሆን ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 3.63 ነው። የፕላሴቦው ወገን አማካይ 3.65፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 5.28። ልምድ ያለው አንባቢ እነዚህን ሁለት ጥንዶች ሲያይ አንድ ነገር እንደተበላሸ ወዲያው ይገባዋል። ቢሊሩቢን ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልም። ከአማካዩ ላይ አንድ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ብቻ ቢቀነስ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከዜሮ በታች መውረድ የማይችል ልኬት፣ አማካዩ ከስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ እጥፍ ካነሰ፣ ስርጭቱ ወደ አንድ ወገን የተጎተተ ነው ማለት ነው። ይህ ቀላል ምርመራ የሌላ ሰው ሠንጠረዥ ለሚያነብም ይሠራል፤ ዋናው መረጃ በእጁ ባይኖርም ከታተሙት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ጉዳዩን ያውቃል።

የሆነው እንዲህ ነው። ከታካሚዎቹ የሚበዙት ቢሊሩቢናቸው ጤናማ ከሚባለው መጠን እምብዛም ያልራቀ ነበር። ጥቂቶቹ ግን ጉበታቸው በጣም የተጎዳ ስለነበር መጠኑ አሥርና ሃያን ያልፋል፤ 28 የደረሰም አለ። አምስት ታካሚዎች 0.8፣ 1.1፣ 1.4፣ 3 እና 25 ቢኖራቸው አማካያቸው 6.3 ገደማ ይሆናል፤ ከአምስቱ ግን 6.3 አካባቢ ያለ ማንም የለም። አማካይን አንድ በጣም የታመመ ሰው ብቻውን ይጎትተዋል። ሚዲያን የሚባለው የመሃለኛው ሰው ልኬት 1.4 ላይ ይቆማል፤ 25 የነበረው ታካሚ 50 ቢሆንም አይነቃነቅም።

በእንዲህ ዓይነቱ መስመር ላይ ሚዲያንና ሁለቱ የሩብ ነጥቦች ይጻፋሉ። የሩብ ነጥቦች ሲባል ከሰልፉ አንድ አራተኛው ከበታቹ የሚገኝበትና አንድ አራተኛው ከበላዩ የሚገኝበት ቁጥር ናቸው። የማዮው መረጃ በመድኃኒቱ ወገን 1.4 (ከ0.8 እስከ 3.2)፣ በፕላሴቦው ወገን 1.3 (ከ0.7 እስከ 3.6) ይሆናል። አሁን የሁለቱ ምድቦች እውነተኛ መልክ ይታያል። መሃላቸው ተቀራራቢ ነው፤ ከላይ ያለው ጫፍ ግን በፕላሴቦው ወገን ትንሽ ከፍ ይላል፤ ያ የአማካዮች ልዩነት የመጣውም ከዚያ ጫፍ ነው። ሚዲያኑ ብቻውን ተጽፎ ቢሆን ይህ ሁሉ ተደብቆ ይቀር ነበር። አንዳንዶች ሁለቱን የሩብ ነጥቦች አቀናንሰው 2.4 ብለው አንድ ቁጥር ብቻ ይጽፋሉ። ይህ ኪሳራ ነው። ሁለቱም ነጥቦች ለየብቻ ሲቀመጡ 1.4 ከ0.8 ምን ያህል እንደሚቀርብ፣ ከ3.2 ደግሞ ምን ያህል እንደሚርቅ በዓይን ይታያል፤ ስርጭቱ የተጎተተ መሆኑን የሚናገረውም ይኸው ነው።

የትኛው መስመር በአማካይ፣ የትኛው በሚዲያን ይጻፍ የሚለውን ለመወሰን ከሁሉ የሚሻለው ስርጭቱን በግራፍ አውጥቶ ማየት ነው። ብዙዎች ውሳኔውን “ስርጭቱ ኖርማል ነው ወይስ አይደለም” ለሚል የስታቲስቲክስ ፈተና ይተዋሉ። ፈተናው ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ባሉበት ለማይረባ ጉድለት ይጮሃል፤ ሃያ ሰዎች ባሉበት ደግሞ ትልቁንም ላያይ ይችላል። በሕክምናው ዘርፍ የተለመደ እውቀትም ይረዳል፤ ቢሊሩቢን፣ ትራይግሊሰራይድና የጉበት ኢንዛይሞች በአብዛኛው የተጎተቱ ናቸው፣ አልቡሚን ግን አይደለም። በማዮው ሙከራ የአልቡሚን አማካይ በሁለቱም ወገን 3.52፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 0.44 እና 0.40 ስለሆነ ያለ ችግር በአማካይ ይጻፋል። አንድ መስመር ላይ የተወሰነው ለሁለቱም ምድቦች እኩል መሥራት አለበት፤ አንዱን ምድብ በአማካይ ሌላውን በሚዲያን መጻፍ ማነጻጸርን ያፈርሳል።

በልኬት ሳይሆን በዓይነት የሚለዩ ነገሮች ሌላ አጻጻፍ ይፈልጋሉ። ጾታ፣ የደም ዓይነት፣ የበሽታ ደረጃ፣ ያጨሳል አያጨስም የሚሉት ፈርጃዊ ተለዋዋጮች ናቸው። የሚጻፈው የሰዎቹ ቁጥርና መቶኛው አንድ ላይ ነው። በማዮው ሙከራ ሴቶቹ 137 (86.7%) እና 139 (90.3%) ነበሩ። መቶኛው ብቻ ቢጻፍ ከስንት ሰው እንደተሰላ አይታወቅም፤ ቁጥሩ ብቻ ቢጻፍ ደግሞ ምድቦቹ እኩል ስላልሆኑ 137ን ከ139 ጋር ማነጻጸር ያሳስታል። ለወንዶች የራሳቸው መስመር አያስፈልግም። ከ158 ላይ 137 ሲቀነስ 21 መሆኑን ማንም ያውቃል።

የበሽታው ደረጃ ግን አራቱም መስመሮች ያስፈልጉታል። ከጉበታቸው በተወሰደው ናሙና መሠረት ታካሚዎቹ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ተመድበዋል። በመድኃኒቱ ወገን 12፣ 35፣ 56 እና 55 ሰዎች፣ በፕላሴቦው ወገን 4፣ 32፣ 64 እና 54 ሰዎች ነበሩ። ኮምፒውተሩ ደረጃ ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚሉ ቁጥሮችን ስላየ “አማካይ ደረጃ 2.97 እና 3.09” ብሎ ያወጣል። ይህ ቁጥር ምንም ታካሚን አይገልጽም። ከደረጃ 1 ወደ 2 ያለው ርቀት ከ3 ወደ 4 ካለው ርቀት ጋር እኩል መሆኑን የነገረን የለም፤ ደረጃ 1 ላይ 12 ለ4 የሆነውን ልዩነትም ይውጠዋል። እብጠቱ ደግሞ ይባስ ብሎ በ0፣ በ0.5 እና በ1 ነው የተመዘገበው። 0.5 ማለት ግማሽ እብጠት ማለት አይደለም። እብጠት ኖሮት ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ያልተሰጠው፣ ወይም በዚያ መድኃኒት እብጠቱ የጠፋለት ሰው የሚለይበት ምልክት ነው። መዝገቡ ቁጥር መስሎ የተቀመጠ ፈርጅ እንዳለበት የሚታወቀው የመረጃውን መፍቻ መጀመሪያ በማንበብ ነው። በመድኃኒቱ ወገን እብጠት የሌላቸው 132፣ የመካከለኛው ፈርጅ 16፣ መድኃኒት እየወሰዱም ያበጡ 10 ናቸው፤ መጻፍ ያለበትም እንዲሁ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሠራ ስህተትም አለ። ዕድሜን “ከ50 በታች” እና “50 እና ከዚያ በላይ” ብሎ ለሁለት መክፈል የ26 ዓመቷን ከ49 ዓመቷ ጋር አንድ ያደርጋል፤ የ49 ዓመቷን ከ50 ዓመቷ ጋር ግን ይለያያል። በልኬት የተገኘን ነገር በልኬትነቱ መተው ይሻላል።

የጎደለ መረጃ ደግሞ በግልጽ መጻፍ አለበት። ኮሌስትሮል በመድኃኒቱ ወገን ለ18 ሰዎች፣ በፕላሴቦው ወገን ለ10 ሰዎች አልተለካም። ሠንጠረዡ ዝም ካለ አንባቢው የኮሌስትሮሉ ሚዲያን ከ158 ሰው የተገኘ ይመስለዋል፤ የተገኘው ግን ከ140 ነው። መፍትሔው አጭር ነው፤ የጎደለው ቁጥር በመስመሩ ላይ ወይም ከሠንጠረዡ በታች ይጻፋል። ለፈርጃዊ መስመሮችም መቶኛው ከተለኩት ሰዎች ይሁን ወይስ ከሁሉም የሚለው አንድ ጊዜ ተወስኖ በሁሉም መስመር ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ሠንጠረዡ ሲያልቅ በስተቀኝ አንድ ዓምድ የመጨመር ፈተና ይመጣል። ፒ ቫልዩ የሚባለው ቁጥር የሚደረደርበት ዓምድ ነው፤ ሶፍትዌሮች ሳይጠየቁ ይሰጡታል። በማዮው ሠንጠረዥ ላይ ዕድሜ አጠገብ 0.018 ይወጣል። የመድኃኒቱ ወገን አማካይ 51.4፣ የፕላሴቦው ወገን 48.6 ስለሆነ፣ ቁጥሩ ከተለመደው የ0.05 ወሰን ስላነሰም፣ አንዳንዱ “ምድቦቹ እኩል አይደሉም” ብሎ ይደነግጣል። ፒ ቫልዩ የሚመልሰው ጥያቄ ግን “ይህ ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል ወይ?” የሚል ነው። ዕጣው በትክክል ከወጣ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ማን የት እንደሚገባ የወሰነው ዕጣ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ሁሉ የአጋጣሚ ነው። ሃያ የማይገናኙ መስመሮች ቢፈተኑ ደግሞ ዕጣው እንከን ባይኖረውም እንኳ ከ0.05 በታች የሚወርድ አንድ ያህል ይጠበቃል። የሕክምና ሙከራዎችን አዘጋገብ የሚመራው ኮንሶርት የተባለው መመሪያ ይህን ዓምድ የማይደግፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓምዱ ጉዳት በተቃራኒው ወገንም አለ። የቢሊሩቢን ሚዲያኖች ሲነጻጸሩ ፒ ቫልዩ 0.842 ነው፤ ብዙዎች ይህን “ችግር የለም” ብለው ያነቡታል። ቢሊሩቢን ግን በዚህ በሽታ ሞትን ከሚተነብዩት ሁሉ ኃይለኛው ስለሆነ ትንሽ ልዩነቱም ከሌላው ትልቅ ልዩነት ሊከብድ ይችላል። መታየት ያለበት ልዩነቱ በአጋጣሚ መምጣት አለመምጣቱ ሳይሆን መጠኑና የዚያ መስመር ክብደት ነው። በኋላ ውጤቱ ሲሰላ ለየትኞቹ ነገሮች ማስተካከያ እንደሚደረግም ሠንጠረዡ ከመታየቱ በፊት፣ በሙከራው ዕቅድ ላይ መወሰን አለበት። ማዮ ላይ ቢሆን ዕድሜና ቢሊሩቢን የሚገቡት በሽታውን በመወሰናቸው እንጂ አንዱ 0.018፣ ሌላው 0.842 ስላገኘ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚቆመው “ዕጣው በትክክል ከወጣ” በሚለው ላይ ነው። ካልወጣስ? እ.ኤ.አ. በ2017 ጆን ካርላይል የተባለ እንግሊዛዊ የማደንዘዣ ሐኪም ከ5000 የሚበልጡ የታተሙ ሙከራዎችን የመነሻ ሠንጠረዦች ሰብስቦ፣ ቁጥሮቻቸው እውነተኛ ዕጣ ከሚያስገኘው ጋር ይገጥሙ እንደሆነ መረመረ። አጠራጣሪ ከሆኑት አንዳንዶቹ ስታንዳርድ ኤረርን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ብሎ በመጻፍ የመጡ ስህተቶች ሆኑ። አንዱ ግን ፕሬዲሜድ ነበር፤ በስፔን በ7447 ሰዎች ላይ ተካሂዶ፣ በወይራ ዘይት ወይም በለውዝ የበለጸገ የሜዲትራንያን አመጋገብ የልብና የደም ሥር በሽታን ይቀንሳል በማለት እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና በዓለም ዙሪያ የታወቀ ጥናት።

ተመራማሪዎቹ መዝገባቸውን መልሰው ሲፈትሹ ዕጣው በየቦታው እንዳልተጠበቀ ተገኘ። ከአንድ ቤት የመጡ ሁለተኛ ሰዎች ያለ ዕጣ ከዘመዳቸው ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ገብተው ነበር፤ በአንድ ቦታ ደግሞ የአንድ ክሊኒክ ሰዎች በሙሉ አንድ ዓይነት አመጋገብ ተሰጥቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ጽሑፉ ተነሥቶ ታርሞ እንደገና ታተመ። አመዳደባቸው የሚያጠራጥር 1588 ሰዎች ተቀንሰው ስሌቱ ሲደገም ውጤቱ ብዙም አልተለወጠም፤ አመጋገቡ ስለሚያመጣው ለውጥ የተጻፈው ግን በተለሳለሰ ቋንቋ ሆነ። ካርላይልም ለዚህ ምርመራው የተጠቀመው በየሠንጠረዡ የታተሙትን የሰዎች ቁጥር፣ አማካይና ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ብቻ ነበር።